አሸንዳው አንድ ጉዳይ፣ መጋዙ ሌላ ጉዳይ

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በ2019 በገዛነው ቴራስ ቤት ነው የምንኖረው። ጎረቤታችን ጓሮው ላይ ወርክሾፕ ሠርቶ ጠረጴዛና ወንበር እያመረተ ይሸጣል። የመጋዙ ማሽን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ይሠራል፣ እሁድም አያርፍም። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ የምተኛው ቀን ነው። የወርክሾፑ አሸንዳ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ እኛ ግቢ ገብቷል። ሳናግረው «ከ2015 ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ ካውንስሉም ፈቅዶልኛል፣ እናንተም ቡና ስትቆሉ ጭሱ ቤቴን ይሞላዋል» አለኝ። ባለቤቴ በትሬስፓስ እንክሰሰው ይላል። ያስኬዳል? ወይስ እኔም እሁድ ጠዋት ሙዚቃ ልልቀቅበት?

መልስ፦ ሙዚቃውን ለጊዜው ይተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ባለቤትዎ «ትሬስፓስ» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ትሬስፓስ አሸንዳውን ይነካል፣ መጋዙን ግን አይነካውም። የመጋዙ ድምፅ የሚገባው ኑይሳንስ በሚባለው ሌላ ክስ ውስጥ ነው። አሸንዳውን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የሚያስገኘው ግን ትንሽ ነው። መጋዙ ለማስረዳት ይከብዳል፣ እንቅልፍ የነሳዎት ግን እሱ ነው። ከዚህ በታች የምለው የእንግሊዝና የዌልስን ሕግ ይመለከታል።

አገር ቤት ቢሆን ሁለቱም በአንድ አቤቱታ «ሁከት ይወገድልኝ» ተብለው ሊቀርቡ ይችሉ ነበር። እዚህ ግን መስመሩ የሚሰመረው ነገሩ እንዴት ወደ እርስዎ መጣ በሚለው ነው። ሰውየው ራሱ በቀጥታ መሬትዎ ላይ ከገባ ወይም አንድ ነገር ካስገባ ትሬስፓስ ነው። እሱ በራሱ ግቢ የሚሠራው ሥራ በጦሱ እርስዎን ከረበሸ ኑይሳንስ ነው። የተቆረጠ እንጨት በአጥር ላይ አሻግሮ ቢወረውርብዎት የመጀመሪያው ነው። ነፋስ የመጋዙን ብናኝ እያመጣ ልብስ ማስጫዎ ላይ ቢያራግፈው ሁለተኛው ነው።

አሸንዳውን እንይ። ሰውየው ሆን ብሎ ሠራው፣ እዚያው ቆሟል፣ ከወሰኑም አልፏል። በትሬስፓስ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ወሰን መታለፉ ብቻውን ይበቃል። መሬት አለመንካቱም አያድነውም፤ በ1957 በተወሰነ አንድ ጉዳይ የትምባሆ ኩባንያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ በላይ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለገባ ብቻ እንዲነሳ ታዟል። ሰሌዳው ማንንም አልጎዳም ነበር። በርግጥ ሰማዩ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። በ1978 አንድ ባለርስት ቤቴን ከአውሮፕላን ፎቶ አነሱብኝ ብሎ ከስሶ ተረትቷል። የባለቤቱ መብት የሚደርሰው መሬቱንና ቤቱን እንደወትሮው ለመጠቀም እስከሚያስፈልገው ከፍታ ድረስ ነው ተባለ። አሸንዳ ግን በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ስለሆነ ይህ ክርክር አይነሳም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሁለት ቦታ። አንደኛው ወሰኑ ራሱ ነው። አጥሩ የቆመበት መስመር ሕጋዊው ወሰን ላይሆን ይችላል። ላንድ ሬጅስትሪ የሚሰጠው ካርታ በአብዛኛው ወሰኑን በጥቅሉ ነው የሚያሳየው፤ ካርታው ላይ ያለው የቀለም መስመር ውፍረት ብቻ መሬት ላይ ሲለካ ከ10 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የ10 ሴንቲሜትር ክርክር የድሮ ውል፣ የድሮ ፎቶና ቀያሽ ይጠይቃል። ቀያሹን ቀጥረው ሲያስለኩ አሸንዳው የራሱ ግቢ ውስጥ ሆኖ ቢገኝስ? ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የተከራካሪው ፊት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትዎትም።

ሁለተኛው መፍትሔው ነው። ፍርድ ቤቱ ይነሳ ብሎ ሊያዝ ይችላል። ግን የደረሰው ጉዳት ትንሽ ከሆነ፣ በገንዘብ ከተተመነና ማፍረሱ ተከሳሹን ከልክ በላይ የሚጎዳ ከሆነ በምትኩ ካሣ ሊወስን ይችላል። አሸንዳ ማስጠጋት ጣሪያ እንደማፍረስ ከባድ አይደለምና ትእዛዙን ሊያገኙ ይችላሉ። ግን ለዚያች ትእዛዝ የሚወጣውን ወጪ አስቡት። በነገራችን ላይ ከአሸንዳው ውሃ እየፈሰሰ ግድግዳዎን ካረጠበው ያ ደግሞ ኑይሳንስ ነው፤ አንድ አሸንዳ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ረጥቦ ከሆነ በትክክል ፎቶ አንሱ፤ ከ10 ሴንቲሜትሩ ይልቅ ክብደት ያለው እሱ ነው።

ደግሞም መዶሻ ይዛችሁ አሸንዳውን እንዳትነኩ። ሰዎች «ወደ እኔ የገባ ዛፍ መቁረጥ እችላለሁ» የሚለውን ይሰሙና ለሁሉም ይመስላቸዋል። የዛፍ ቅርንጫፍ ጉዳይ እውነት ነው፤ ከራስዎ ግቢ ሳይወጡ እስከ ወሰኑ ድረስ መቁረጥ ይፈቀዳል፣ የተቆረጠውም ሆነ ፍሬው ግን የእሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ቅርንጫፉ እንደ ትሬስፓስ አይቆጠርም፣ ኑይሳንስ ነው። ዛፉን ጎረቤት ቢተክለውም አድጎ የተሻገረው በራሱ ነዋ። አሸንዳ አያድግም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መጋዙ።

በኑይሳንስ መክሰስ የሚችለው በመሬቱ ላይ መብት ያለው ሰው ነው፤ ባለቤት ወይም ቤቱን ለብቻው የያዘ ተከራይ። ቤቱ በእርስዎና በባለቤትዎ ስም ከሆነ ችግር የለም። ሊጠይቋችሁ መጥተው እናንተ ጋ የከረሙት እናትዎ ግን ቢታወኩም በራሳቸው ስም መክሰስ አይችሉም። ይህ በ1997 በካናሪ ዎርፍ ጉዳይ የጸና ነው። ክሱ የሚጠብቀው መሬትን መጠቀምን እንጂ የሰውን ጆሮ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ የሁሉም ሰው ጥያቄ ይመጣል፤ የጎረቤቱ አጠቃቀም ምክንያታዊ ነው ወይስ አይደለም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሰውየው እንጀራውን ነው የሚጋግረው፣ ጥሩ ዕቃ ይሠራል፣ ታክስ ይከፍላል» ብሎ ሥራውን ከእርስዎ እንቅልፍ ጋር በሚዛን ማስቀመጥ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ይህን ጥርት አድርጎ ያስቀመጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2023 ውሳኔ ነው።

ነገሩ እዚሁ ለንደን ነው። የቴት ሞደርን ሙዚየም አዲሱ ሕንፃ ላይ የከተማውን ዙሪያ የሚያስቃኝ ሰገነት ተከፈተ። አጠገቡ ግድግዳቸው መስታወት የሆነ ውድ አፓርታማዎች አሉ። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጎብኚ እየወጣ የሰዎቹን ሳሎን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እጁን ያውለበልባል። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረቱ፤ ዳኛው ሙዚየሙ ሰገነት መክፈቱ ምክንያታዊ ነው፣ እናንተም በመስታወት ቤት ለመኖር መርጣችኋል፣ መጋረጃ ልታደርጉ ትችላላችሁ ዓይነት ነገር አለ። ይግባኝ ሰሚውም በሌላ ምክንያት አልተቀበላቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሦስት ድምፅ ለሁለት ነዋሪዎቹ ረትተዋል አለ።

የብዙኃኑ ዳኞች አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ፣ የደረሰው ረብሻ ለተራ ሰው እውነተኛና ከባድ ነው ወይ? ነው ከተባለ፣ ተከሳሹ የሚያደርገው ነገር በዚያ አካባቢ የተለመደና ተራ የመሬት አጠቃቀም ነው ወይ? ተራ ከሆነ፣ ለጎረቤት ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ እስከሠራው ድረስ አይጠየቅም። ምክንያቱም ጎረቤቱም ነገ ያንኑ ያደርጋል። አንዱ ዛሬ ይታገሳል፣ ነገ ይታገሱለታል። ተራ ካልሆነ ግን ሥራው ለሕዝብ የሚጠቅም ነው መባሉ ኃላፊነቱን አያስቀርለትም። ምናልባት መፍትሔው ላይ፣ ማለትም ይቁም ወይስ ካሣ ይክፈል በሚለው ላይ ይታይለታል። ከፎቅ ላይ ሕዝብ አሰልፎ የሰው ሳሎን ማሳየት የተለመደ የቤት አጠቃቀም አይደለም፤ ስለዚህ ሙዚየሙ ተጠያቂ ሆነ።

ይህን ሐሳብ ከሌላው ጫፍ የሚያሳይ የ1999 ጉዳይ አለ። የሳውዝዋርክ ካውንስል ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ስለነበር ተከራዮቹ የጎረቤት ሽንት ቤት ሲለቀቅ፣ ሲያወሩ፣ ሲራመዱ ሁሉ ይሰሙ ነበር። ስቃያቸውን ዳኞቹ አልካዱም። ግን ጎረቤቶቹ የሚያደርጉት መኖር ብቻ ነው፤ መኖር ደግሞ ኑይሳንስ አይሆንም ተባለ። ረብሻው ከባድ ቢሆንም ወደቀ፣ አጠቃቀሙ ተራ ነበርና።

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አስቀምጠው የእርስዎን መሐል ላይ ያድርጉት። ሰውየው አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት የተሰበረ መደርደሪያ ለመጠገን መጋዝ ቢያስነሳ ሳውዝዋርክ ነው። ማንም ጎረቤት ያደርገዋል። አሁን ግን ለሽያጭ ያመርታል፣ በሳምንት ሰባት ቀን፣ ከጠዋት አንድ እስከ ማታ ሦስት፣ በመኖሪያ መንገድ ላይ። ይህ ተራ የጓሮ አጠቃቀም ነው ብሎ መከራከር የሚከብደው ይመስለኛል።

አካባቢው እዚህ ጋ ይገባል። በ1879 ዊግሞር ጎዳና ላይ የነበረ አንድ ጣፋጭ ሠሪ በኩሽናው ከ20 ዓመት በላይ በትልልቅ ሙቀጫ ሲወቅጥ ኖሯል። ከኋላው ያለው ሐኪም ጓሮው ጫፍ ላይ የምርመራ ክፍል ሠራ፤ ከዚያ ሙቀጫው በደረት ማዳመጫ መስማት ከለከለኝ ብሎ ከሰሰና ረታ። የፍርድ ቤቱ አባባል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ በቤልግሬቭ አደባባይ ኑይሳንስ የሚሆነው በበርመንዚ የግድ አይሆንም። ያኔ ቤልግሬቭ የሀብታሞች መኖሪያ፣ በርመንዚ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች ሰፈር ነበር። መንገድዎ ላይ ሌሎች ጋራዦችና ወርክሾፖች ካሉ ሰውየው ይህን ያነሳል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ አካባቢ የሚቆጠረው ለድምፅ፣ ለሽታና ለምቾት ነው። ግድግዳዎ በንዝረት ከተሰነጠቀ የፋብሪካ ሰፈር ነው ማለት አያድነውም።

ይህ ጉዳይ ሌላም ነገር ይመልስልዎታል። ጣፋጭ ሠሪው «እኔ ቀድሜ ነበርኩ» ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ አልተሰማለትም። ከሰው በፊት መኖር በራሱ መከላከያ አይደለም። መከላከያ የሚሆነው ነገሩ ኑይሳንስ ሆኖ 20 ዓመት ከቆየ ነው፤ ሙቀጫው ደግሞ ሐኪሙ ክፍሉን እስኪሠራ ድረስ ማንንም ስላልረበሸ ሰዓቱ አልተነሳም ነበር። የእርስዎ ጎረቤት ከ2015 ጀምሮ ቢሆን እንኳ 20 ዓመት አልሞላውም። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አጽንቷል፤ በ2006 ሰፎክ ውስጥ ከሞተር ውድድር ስታዲየም አጠገብ ቤት የገዙ ሰዎች፣ ስታዲየሙ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቢኖርም፣ መክሰስ አልተከለከሉም። ዳኞቹ አንድ ቀዳዳ ትተዋል። ከሳሹ ራሱ የቤቱን አጠቃቀም ለውጦ ከሆነ፣ ለምሳሌ መጋዘን ወደ መኝታ ቤት ቀይሮ፣ ያ ሊቆጠርበት ይችላል። እናንተ እንደ ቀደሙት ባለቤቶች ስለምትኖሩበት አይመለከታችሁም።

የካውንስሉ ፈቃድም እዚያው ጉዳይ ላይ መልስ አግኝቷል። የግንባታ ፈቃድ ካውንስሉ አላስቆምህም ማለቱ ነው እንጂ የጎረቤትን መብት አይወስድም። ሆኖም ፈቃዱን ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የሥራ ሰዓት ገደብ ይኖረዋል፣ ምናልባትም የተፈቀደው ለንግድ ያልሆነ ዕቃ ማቆያ ክፍል ብቻ ይሆናል። የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ፈቃዱ «እስከ ማታ 12 ሰዓት» የሚል ከሆነ ያ ወረቀት የእርስዎ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

እስካሁን ደስ የሚልዎትን ነገርኩዎ። አሁን የማይጥምዎትን። የቀን እንቅልፍዎ በሕጉ ዓይን ደካማው ጎንዎ ነው። መለኪያው ተራ ሰው ነው፤ ለየት ያለ ፍላጎት ያለው ሰው አይደለም። በ1889 አንድ ነጋዴ ሙቀት የማይችል ልዩ ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ከታች ያለው ሰው ቤቱን ሲያሞቅ ወረቀቱ ደረቀ። ተራ ወረቀት ቢሆን አይጎዳም ነበርና ተረታ። የሌሊት ፈረቃ ብርቅ ሥራ አይደለም፣ ይህንንም መከራከር ይቻላል። ግን ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ስለሚሰማ መጋዝ ክስዎን ቢመሠርቱ ዳኛው «ሌላው ጎረቤት በዚህ ሰዓት ምን ይሰማዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ክሱን ማንም ሰው በሚረበሽባቸው ሰዓታት ላይ አቁሙት፦ ማለዳው፣ ምሽቱና እሁድ። ቀኑን በስምምነት ጠይቁት።

ሙዚቃው ላይ ደረስን። በ1893 ብሪክስተን ውስጥ ሙዚቃ የምታስተምር ሴት ነበረች። የግድግዳ ተጋሪዋ በትምህርቱ ተማርሮ እሷ በጀመረች ቁጥር ትሪ ይደበድብ፣ ያፏጭ፣ ይጮህ ነበር። ሙዚቃ ማስተማሯ ችግር የለውም ተባለና እሱ ላይ እገዳ ወጣበት፤ ሆን ብሎ ለማናደድ የሚደረግ ድምፅ እንደ ተራ አጠቃቀም አይቆጠርለትምና። እርስዎ እሁድ ጠዋት ድምፅ ማጉያ ከከፈቱ ከሳሽነትዎን ትተው ተከሳሽ ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ ይህን ጥያቄ ጽፈው ልከውልኛል።

ቡናውስ? እሑድ እሑድ 20 ደቂቃ የሚቆይ ጭስ፣ በራስ ጓሮ፣ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ጎረቤቱ በበጋ ሥጋ ከሚጠብስበት ጭስ የሚለይ አይመስለኝም። ይህ እርስ በርስ የመታገስ ልውውጡ ውስጥ ይገባል። ሆኖም በየቀኑ ከሆነ፣ ወይም ለካፌ እየቆሉ የምትሸጡ ከሆነ፣ ለእሱ የነገርኩት ሁሉ ለእናንተም ይሠራል። የሚያስገርመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ሩቅ አይደለም። ቁጥር 1225 ባለሀብት ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ እንዳያወጣ ይከለክላል። ልኩ የሚለካውም በአካባቢው ልማድ፣ መሬቱ ባለበት ቦታና በዓይነቱ ነው። ቤልግሬቭና በርመንዚን በአማርኛ ያነበቡ ይመስልዎታል።

ከዚህ በኋላ ማስረጃ ነው። ደብተር ይግዙ። ለ4 ሳምንት በየቀኑ መጋዙ የተነሳበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ እርስዎ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ምን እንዳስተጓጎለብዎ ይጻፉ። ጸጥ ያለ ቀን ካለ «ዛሬ የለም» ብለው ይጻፉ፤ ሁሉም ቀን መጥፎ የሆነበትን ደብተር ዳኛ አያምንም። የስልክ ቅጂ ይረዳል፣ ብቻውን ግን ድምፁ ምን ያህል እንደነበር አያሳይም። ለዚያ ከካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ባለሙያ እንዲመጣ ይጠይቁ። በ1990 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሠረት ካውንስሉ አቤቱታውን መመርመር ግዴታው ነው። ካመነበትም አቁም የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ይህ ለእርስዎ ጠበቃ ሳይቀጥሩ የሚገኝ መንገድ ነው፣ የባለሙያው ሪፖርትም ቆይቶ ለክስ ይጠቅማል።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ሁለት ነገር ያስቡ። የተረታ ሰው በአብዛኛው የሌላውን ወጪና ኪሣራም ይከፍላል። የቤት ኢንሹራንስዎ የሕግ ወጪ ሽፋን እንዳለው ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው እንዳለው አያውቅም። ሌላው፣ ቤቱን ስትሸጡ ለገዢው በምትሞሉት ፎርም ላይ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ አለ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ እውነቱን መጻፍ ግድ ነው።

ደብተሩ ሲሞላ ለሰውየው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። አሸንዳውን ከላይ አያድርጉት፣ ትሬስፓስ የሚለውንም ቃል ይተዉት። መጋዙ በሥራ ቀናት ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ፣ እሁድ እንዲያርፍ፣ በሩ ተዘግቶ እንዲሠራና እርስዎ ከፈረቃ የሚመለሱባቸውን ቀናት አስቀድመው ቢነግሩት ከባዱን ሥራ ወደ ከሰዓት እንዲያዞር ይጠይቁት። መጨረሻ ላይ አሸንዳው በሚቀጥለው ጥገና ወደ ውስጥ ቢገባ ብለው በአንድ መስመር ይጨምሩ። ደብዳቤው ቅጂ ይኑርዎት፣ ቀኑንም ይጻፉበት። በ14 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ደብተሩን፣ ደብዳቤውንና የካውንስሉን ፈቃድ ይዘው ሶሊሲተር ዘንድ ይሂዱ።